በጆሮ ብቻ የተማረችው ሐሩ

ኮባያሺ ሐሩ እ.ኤ.አ. በ1900 በጃፓን ኒጋታ አውራጃ ተወለደች። መቶ ቀን ገደማ ሲሆናት በዓይን ሞራ ምክንያት ብርሃኗን አጣች። በዚያ ዘመን ዓይነ ስውር ሴት ልጅ በራሷ ሠርታ የምታድርባቸው መንገዶች ጥቂት ነበሩ፤ ወይ ሰውነት ማሸት መማር፣ ወይ ደግሞ ጎዜ መሆን። ጎዜ የሚባሉት ሻሚሰን የተባለ ባለ ሦስት ክር መሣሪያ እየመቱ ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩ ዓይነ ስውራን ሴት ዘፋኞች ነበሩ። ቤተሰቧ ሁለተኛውን መረጠላት። ሐሩ በአምስት ዓመቷ፣ እንደ እርሷ ዓይነ ስውር ለሆነች መምህርት ለ21 ዓመት በውል ተሰጠች።

መምህርቷም ተማሪዋም ማየት ስለማይችሉ በመካከላቸው ጽሑፍም ኖታም አልነበረም። መምህርቷ አንድ ስንኝ ታዜማለች፤ ልጅቷ ትደግማለች። ከሳተች እንደገና፣ ከያዘች ቀጣዩ ስንኝ ይመጣል።

ሻሚሰን እንደ ማሲንቆ ሁሉ አንገቱ ላይ ድምፅ የሚለይ ምልክት የለውም። ጊታር የሚማር ሰው ጣቱን የሚያሳርፍባቸው ብረቶች አሉት፤ ሻሚሰን የሚማር ግን ጣቱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ማረፉን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ ነው። ጣት ትንሽ ከተንሸራተተ ድምፁ ይበላሻል። ክሮቹም እንደ ዘፈኑ ዓይነት በተለያየ መንገድ ስለሚቃኙ፣ ተማሪዋ ቅኝቱ በተለወጠ ቁጥር ጣቷን አዲስ ቦታ ማልመድ ነበረባት።

የሚያስገርመው የዘፈኖቹ ርዝመት ነው። የጎዜዎች ታላላቅ ትረካዎች በክፍል በክፍል የተከፋፈሉ ሲሆኑ፣ አንዱ ክፍል ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ይህ ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው በግጥሙ አሠራር እገዛ ነው። አብዛኛው ስንኝ ሰባትና አምስት ቀለም እየተፈራረቀበት ይሄዳል፤ አንድ አጭር ዜማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይመላለሳል፤ በየመሃሉም ሻሚሰኑ ብቻውን ጥቂት ይመታል። ያቺ አጭር ጊዜ ለዘፋኟ ትንፋሽ መሰብሰቢያና ቀጣዩን ስንኝ ማሰቢያ ናት። ዜማው አንዴ ከተያዘ የቀረው ሸክም ቃሉ ብቻ ነው፤ ቃሉም ቢሆን በተለመዱ አባባሎች የተሞላ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እየጠራ ይመጣል።

ድምፅን የማጠንከሩ ሥራ ግን በቤት ውስጥ የሚሆን አልነበረም። በክረምቱ እጅግ በሚበርድበት ወቅት፣ ለአንድ ወር ያህል፣ ተማሪዎች ንጋት ላይና ማታ ስስ ልብስ ለብሰው ወንዝ ዳር ይዘፍኑ ነበር። ኒጋታ በረዶው ከሰው ቁመት በላይ የሚከመርበት አገር ነው። ጉሮሮ ያብጣል፣ ድምፅ ይዘጋል፤ የዘጋው ድምፅ ተመልሶ ሲከፈት ወፍሮና ጠንክሮ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ሐሩ ገና ሕፃን ሳለች ይህን አልፋለች። የኋላ ድምፅዋ ብርቱ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ልጅን በውርጭ አቁሞ ማዘፈን ጭካኔ መሆኑን የድምፅዋ ውበት ሊሸፍነው አይገባም።

በስምንት ዓመቷ ጉዞ ጀመረች። ጎዜዎች ሲሄዱ ተሰልፈው ነበር፤ ፊት ያለችው ጥቂት የምታይ መሪ ትሆናለች፣ ከኋላዋ ያሉት እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ያለችውን ጓደኛቸውን ጓዝ ነክተው ይከተላሉ። ቀን በየደጁ አጭር ዘፈን አሰምተው ሩዝ ይቀበላሉ። ማታ በሚያሳድራቸው ቤት መንደርተኛው ይሰበሰብና ረጃጅሞቹ ትረካዎች ይጀመራሉ። ገበሬዎቹ ዘፈኑን የሰማ የሐር ትል ደህና ያድጋል ብለው ያምኑ ስለነበር እንግዶቹን በደስታ ይቀበሏቸው ነበር። ለተማሪዋ ደግሞ እነዚህ ምሽቶች ትልቁ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ መምህርቷ የት ላይ እንደምታዘገይ፣ አድማጩ ሲያለቅስ ምን እንደምታደርግ የምትሰማው እዚያ ነበር።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ጎዜ ከወንድ ጋር ግንኙነት ካደረገች የአገልግሎት ዓመቷ ይቀነስባታል፣ ወይም ከማኅበሩ ትባረራለች። በሙያው ማዕረግ የሚቆጠረው በዓመት ስለነበር ዓመት መቀነስ ከባድ ቅጣት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደ ገጠር ሲገቡ የማታ አድማጭ ሳሳ። ሐሩ በ1973 መዞሯን አቆመች። በ1978 የጃፓን መንግሥት የማይዳሰስ የባህል ቅርስ ባለቤት አድርጎ እውቅና ሰጣት፤ ዘፈኖቿም ተቀረጹ። በእርጅናዋ ዘመን ዓይናቸው የሚያይ ወጣት ሴቶች ሊማሩ መጡ፤ እርሷም ራሷ በተማረችበት መንገድ፣ ስንኝ በስንኝ እያዜመች አስተማረቻቸው። በ2005 በ105 ዓመቷ ስታርፍ፣ እነዚያ ተማሪዎቿ ትረካዎቹን በመድረክ እየተጫወቱ ነበር።