ገንዘቡ ይመለስ፣ የሱቅ ክሬዲት ይሁን ወይስ ዕቃው ይቀየር?

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን እናቴ ክላርክስተን ካለው ቤቷ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚግለው» አለችኝ። እንጀራዋ ግማሹ ዓይን ያወጣል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። ምጣዱን በቅናሽ በ120 ዶላር ነበር የገዛችው፤ 8 በመቶ የሽያጭ ታክስ ሲጨመር 129 ዶላር ከ60 ሳንቲም ከፍላለች።

ሱቁ ሦስት ምርጫ ሰጣት፦ ገንዘቡ በከፈለችበት ካርድ ይመለስላት፣ የሱቅ ክሬዲት ትውሰድ፣ ወይም ምጣዱ ይቀየርላት።

እናቴ «ገንዘቤን ይመልሱልኝ» ልትል ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ የዛሬውን ዋጋ አየሁ። ቅናሹ አልቆ ምጣዱ 150 ዶላር ሆኗል፤ ከነታክሱ 162 ዶላር ማለት ነው። ገንዘቧን ተቀብላ ያንኑ ምጣድ እንደገና ብትገዛ 32 ዶላር ከ40 ሳንቲም ትጨምራለች። ብትቀይር ግን ምንም አትጨምርም። ስለዚህ ዕቃውን አሁንም የምትፈልጉት ከሆነና ዋጋው ከጨመረ፣ መቀየር ይሻላል። ዋጋው ከቀነሰ ወይም ዕቃውን ከጠላችሁት ግን ገንዘባችሁን ውሰዱ።

ገንዘቡ ወዲያው እንደማይደርስም እወቁ። ከሱቁ ወጥቶ በባንኮች በኩል ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ቀናት ይወስዳል። የተመላሽ ደረሰኙን አትጣሉ። በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ሱቁ «መልሻለሁ» ያለው ገንዘብ በሂሳብ መግለጫችሁ ላይ ካልታየ፣ ስህተቱ ያለበት መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ አመልክቱ።

የሱቅ ክሬዲትስ መቼ ይጠቅማል? ዕቃው ስጦታ ሲሆን ነው። ምጣዱን አክስቴ ገዝታላት ቢሆን ኖሮ፣ ተመላሹ ገንዘብ የሚገባው በአክስቴ ካርድ ነበር። ክሬዲቱ ግን ለእናቴ ይሰጣታል። ከወሰዳችሁት ቶሎ ተጠቀሙበት። ቤድ ባዝ ኤንድ ቢዮንድ በኤፕሪል 2023 ኪሳራ ሲያውጅ፣ የስጦታ ካርድ የተቀበለው እስከ ሜይ 8 ብቻ ነበር። ሱቅ ሲዘጋ በእጃችሁ ያለው ክሬዲት ዋጋ ሊያጣ ይችላል።

የጆርጂያ ሕግ ሱቆች ሐሳቡን ለቀየረ ገዢ ሁሉ ገንዘብ እንዲመልሱ አያስገድድም። ሱቁ የራሱን ደንብ ያወጣል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከደረሰኙ ጀርባ ወይም ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ያለውን ደንብ አንብቡ።

እናቴ ምጣዱን ቀየረች። መመለሻው 30 ቀን የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ግዢ ጀምሮ ስለነበር፣ የቀረን 6 ቀን ብቻ ነው። በዚያው ምሽት አዲሱን ምጣድ አግለን ሊጥ አፈሰስንበት። እንጀራው ከዳር እስከ ዳር ዓይን አወጣ።