ውስጣዊ ዋጋና የጊዜ ዋጋ፤ የኦፕሽን ፕሪሚየም ለምን በሁለት ይከፈላል?

የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በኤስ ኤንድ ፒ 500 ላይ ለሚሸጡት ውሎች እ.ኤ.አ. በ2022 ማክሰኞንና ሐሙስን የማብቂያ ቀን አድርጎ ከጨመረ ወዲህ፥ ገበያው በሚውልበት ዕለት ሁሉ ዕድሜው በዚያው ቀን የሚፈጸም ኦፕሽን ስለሚገኝ፥ ጧት ተገዝቶ ማታ የሚያልፈው ይህ ውል የሙያው ሊቃውንት መከራከሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ አንዱ ወገን የሚከፈልበት ጥቂት ነውና ርካሽ ነው ሲል፥ ሌላው ወገን ቁማር ነው ብሎ ያወግዘዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ክርክሩ የሚፈታው ስለ ቁማር ጠባይ በመመራመር ሳይሆን፥ ከፕሪሚየሙ ላይ ውስጣዊው ዋጋ ሲነሣ የሚተርፈውና የጊዜ ዋጋ የሚባለው ገንዘብ በእውነቱ የምን ዋጋ እንደሆነ በመረዳት ነው። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በአክሲዮንና በግምጃ ቤት ሰነድ እንጂ በኦፕሽን ስላልሆነ፥ ምሳሌዬን የማቀርበው ነገሩ ባለበት አገር ገንዘብ፥ በዶላር ነው።

አንድ አክሲዮን ዛሬ በ108 ዶላር ይሸጣል እንበል፤ በእጃችንም እስከ 25 የገበያ ቀናት ድረስ ያንኑ አክሲዮን በ100 ዶላር የመግዛት መብት አለ፥ መብቱም በገበያው 14 ዶላር ያወጣል። ዛሬውኑ ብንፈጽመው በ100 ገዝተን በ108 እንሸጣለንና 8 ዶላር እናገኛለን፤ ይህ 8 ዶላር ውስጣዊው ዋጋ ነው፥ የተረፈው 6 ዶላር ደግሞ የጊዜ ዋጋ ነው። ውስጣዊው ዋጋ ከዜሮ በታች አይወርድም፥ ባለመብት ጉዳት ባየ ጊዜ መብቱን ይተወዋል እንጂ እንደ ባለዕዳ አይገደድምና። እስከዚህ ያለው የመቀነስ ሒሳብ ስለሆነ ማንም አይሳሳትበትም፤ ሐተታ የሚያሻው ከፋዩ ለዚያ 6 ዶላር ምን እንደተቀበለበት ነው።

ነገሩን ለማቅለል ወለድም የትርፍ ድርሻም የለም እንበል፤ በማብቂያው ቀንም አክሲዮኑ ወይ 128 ወይ 88 ዶላር ይሁን፥ ዕድሉም እኩል ለእኩል ይሁን። መብቱን ዛሬ ፈጽሞ አክሲዮኑን በ100 ዶላር የወሰደ ሰው፥ በደጉ ቀን 28 ዶላር ያተርፋል፥ በክፉው ቀን 12 ዶላር ይከስራል፤ አማካዩ 8 ነው። መብቱን ሳይነካ የቆየው ሰው ግን በደጉ ቀን ያንኑ 28 ሲያገኝ በክፉው ቀን መብቱን ትቶ በባዶ እጁ ይሄዳል እንጂ አይከስርም፤ የእርሱ አማካይ 14 ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሰዎች የሚለያያቸው ክፉው ቀን ብቻ ነው፥ የዚያም ልዩነት 12 ዶላር፥ ግማሹ 6 ዶላር ነው። ይህንንም አክሲዮን በ100 ዶላር የመሸጥ መብት ብንገዛ፥ በክፉው ቀን 12 በደጉ ቀን ምንም የሚያስገኝ ነውና፥ ዋጋው ያው 6 ዶላር ይሆናል። ወለድና የትርፍ ድርሻ በሌለበት፥ ውስጣዊ ዋጋ ያለው የመግዛት መብት የጊዜ ዋጋው በዚያው የውል ዋጋና በዚያው የማብቂያ ቀን ከተጻፈው የመሸጥ መብት ዋጋ ጋር ትክክል ነው፤ ይህም እውነት በሁለት ዕጣ ብቻ የተወሰነ አይደለም፥ ዕጣው እልፍ ቢሆን አይለወጥም።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ ዕድሉ እኩል ለእኩል መሆኑን ማን ነገረህ? ሊለኝ ይችላል፤ ይህ ተቃውሞ ሊቃውንቱን ለብዙ ዘመን ያስጨነቀ ነው። አንድ ባለተስፋ ወደ 128 የመውጣቱ ዕድል ከ10 እጅ 7 እጅ ነው ብሎ ቢያምን፥ መብቱን 19 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይገምተዋል። ነገር ግን ፊሸር ብላክና ማይሮን ሾልስ፥ ከእነርሱም ጋር ሮበርት መርተን፥ የቺካጎው ገበያ በተከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሟቸው ሥራዎች እንዳሳዩት፥ የባለተስፋው እምነት ከዋጋው አይገባም። የ10 መብት ሻጭ 7 አክሲዮን በ756 ዶላር ይግዛ፥ ከዚህም 616ቱን ይበደር፤ ከኪሱ የሚያወጣው 140 ዶላር፥ ማለት ለእያንዳንዱ መብት 14 ዶላር ነው። አክሲዮኑ 128 ቢደርስ 7ቱ 896 ያወጣሉ፥ ዕዳው ሲከፈል 280 ይተርፋል፥ ይህም 10ሩ ባለመብቶች የሚጠይቁት 28፣ 28 ዶላር ነው፤ 88 ቢወርድ 7ቱ በትክክል ዕዳውን ይዘጋሉ። ስለዚህ ባለተስፋው 19 ዶላር ከ60 ቢከፍል፥ ሻጩ በየመብቱ 5 ዶላር ከ60 ያለ አንዳች ሥጋት ያተርፍበታል። ለዋጋው የሚያስፈልገው አክሲዮኑ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማወቅ ነው፤ እኔም በዚህ ሙያ ከታተመው ሁሉ ይህን የሚያህል ግኝት አላየሁም።

መዋዠቁ ቢጠብ፥ ማለት ማብቂያው ላይ አክሲዮኑ 113 ወይም 103 ብቻ ቢሆን፥ መብቱ 13 ወይም 3 ያስገኛል፤ አማካዩ 8 ነው፥ ውስጣዊው ዋጋም 8 ነው፥ የጊዜ ዋጋ የሚባለው 25 ቀን ሙሉ እያለ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። አክሲዮኑ ዛሬ 140 ሆኖ ወደ 160 ወይም ወደ 120 ቢሄድም ውጤቱ ይኸው ነው። ዛሬ ልክ 100 ሆኖ ወደ 120 ወይም ወደ 80 የሚሄድ ከሆነ ግን ውስጣዊ ዋጋ የሌለው መብት 10 ዶላር ያወጣል፥ ሁሉም የጊዜ ዋጋ ነው። እንግዲያስ የሚከፈለው ለቀኖቹ ቁጥር አይደለም፤ ዋጋው የውሉን ዋጋ ተሻግሮ ሊወርድ ወይም ሊወጣ ስለሚችልበት ዕጣ ነው፥ ያም ዕጣ ከውሉ ዋጋ አጠገብ ከሁሉ ይበረታል።

ቀኖቹ የሚገቡት መዋዠቁን ስለሚያሰፉ ነው፤ ሕጉንም አስቀድሞ የጻፈው ሉዊ ባሽልዬ ነው። ይህ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1900 በታላቁ ሊቅ በፖዋንካሬ ፊት ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፥ ከውሉ ዋጋ ላይ ያለ ኦፕሽን ጊዜው 4 እጥፍ ሲሆን ዋጋው 2 እጥፍ፥ ጊዜው 9 እጥፍ ሲሆን 3 እጥፍ ብቻ እንደሚሆን አስረዳ፤ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስም የኢኮኖሚ ሊቃውንት አላስተዋሉትም ነበር።

የቀሩትን ክፍሎች በአጭሩ ልለፍ። ከማብቂያው ቀን በፊት የማይፈጸሙ ውሎች አሉ፤ ወለድ የመግዛትን መብት ያስወድዳል፥ የመሸጥን ያረክሳል፤ ከጥቅምት 1987 እ.ኤ.አ. ውድቀት ወዲህም ከገበያው ዋጋ ርቀው ዝቅ ባሉ የውል ዋጋዎች የተጻፉ የመሸጥ መብቶች ቀመሩ ከሚለው ይልቅ ይወደዳሉ። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የመግዛትን መብት ያለ ጊዜው መፈጸም የሚያስከትለውን ማወቅ ነው፤ 14 ዶላር የሚያወጣውን መብት ፈጽሞ 8 የሚወስድ ሰው 6ቱን በገዛ እጁ ይጥላል፥ ስለዚህ ትልቅ የትርፍ ድርሻ ሊከፈል ካልደረሰ በቀር የመግዛትን መብት መሸጥ እንጂ መፈጸም አይገባም።

ወደ መነሻው ክርክር ስንመለስ፥ በባሽልዬ ሕግ ከውሉ ዋጋ ላይ ያለና 25 ቀን የቀረው መብት 10 ዶላር ሲያወጣ፥ 1 ቀን የቀረው 2 ዶላር ያወጣል። ይህን የዕለት መብት በየጧቱ የሚገዛ ሰው በ25 ቀን ውስጥ 50 ዶላር ይከፍላል፤ በየዕለቱ የሚያገኘው ትርፍ ሊኖር ስለሚችል ክፍያው ሁሉ ኪሳራ ነው አይባልም፥ ነገር ግን አንዱን የ25 ቀን ውል በ10 ዶላር ከገዛው ሰው ይልቅ 5 እጥፍ የጊዜ ዋጋ ከፍሏልና፥ ርካሽ የሚለው ስም ለዕለቱ ኦፕሽን አይገባውም።