ይግባኝ ወይስ ክለሳ? የአስተዳደር ሕግ ፈተና በካርድ

የመውጫ ፈተና ሲቃረብ የሕግ ተማሪዎች ኪስ በትንንሽ ካርዶች ይሞላል። ከፊት አንድ ስያሜ፣ ከጀርባ አጭር ፍቺ ይጻፍበታል። አስተዳደር ሕግ ደግሞ ለካርድ የተፈጠረ ይመስላል፤ የውክልና ሥልጣን፣ ፍቅደ ሥልጣን፣ የመሰማት መብት፣ የፍርድ ቤት ክለሳ እያለ የሚቀጥል ረጅም የስያሜ ዝርዝር አለው። ችግሩ ፈተናው ስያሜውን ብዙም አይጠይቅም። ታሪክ ነው የሚነግረው። አንድ መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ላይ አንድ ነገር አድርጓል፤ ምርጫዎች ቀርበዋል፤ አንዱ ብቻ ልክ ሆኖ ሌሎቹ ልክ የሚመስሉ ናቸው። ፍቺውን እንደ ዳዊት የደገመ ተማሪ እዚህ ላይ ነው የሚደናገረው።

ስለዚህ ጥሩ የአስተዳደር ሕግ ካርድ ስያሜው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ በምን እንደሚለይም ይናገራል። ከጀርባው ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ አንዱ ፍቺ፣ ሌላው መለያ።

መጀመሪያ የሚሠራው «መመሪያ» የሚለው ካርድ ነው። በኢትዮጵያ የሕጎች እርከን ሕገ መንግሥቱ ከላይ ነው። ከሥሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያወጣው አዋጅ፣ ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚያወጣው ደንብ፣ ከታች ደግሞ የየመሥሪያ ቤቱ መመሪያ ይመጣሉ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የሚያወጣው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 መሠረት ተወካዮች ምክር ቤቱ በሰጠው ሥልጣን ነው። መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ሥልጣኑን ከአዋጅ ወይም ከደንብ ይቀበላል፤ ከራሱ የሚያመነጨው ሥልጣን የለውም። የውክልና ሥልጣን የሚባለው ይኸው ነው። የካርዱ ሁለተኛ መስመር ግን መመሪያን ከአስተዳደር ውሳኔ መለየት አለበት። መመሪያ በአጠቃላይ ሰዎች ላይ የሚሠራ ደንጋጊ ሰነድ ነው፤ የአስተዳደር ውሳኔ የአንድ የተለየ ሰው ወይም ድርጅት ጉዳይ ላይ የሚሰጥ ነው። «ከውጭ መድኃኒት የሚያስገባ ሁሉ ቀዝቃዛ መጋዘን ይኑረው» የሚለው መመሪያ ነው። «የእርስዎ ፈቃድ ተሰርዟል» የሚለው ደብዳቤ ውሳኔ ነው። ይህ ልዩነት ካልተያዘ የሚከተሉት ካርዶች ሁሉ ይዘባረቃሉ፣ ምክንያቱም ለሁለቱ የተዘረጋው ሥርዓት የተለያየ ነው።

ሥርዓቱን የዘረጋው በ2012 የወጣው የፌደራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ነው። ከዚያ በፊት መመሪያ በብዛት በየቢሮው መሳቢያ የሚኖር ነገር ነበር። አዋጅና ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተሙ መመሪያው ግን አይታተምም ነበር፤ ባለጉዳዩ ስለ መመሪያው የሚሰማው ጉዳዩ ውድቅ ሲደረግበት ነው። አዋጁ ይህን ለውጧል። መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን አሳውቆ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላል፣ ከዚያ መመሪያውን ያስመዘግባል፣ በድረ ገጽም ይጭነዋል። ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልወጣ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። «ያልተመዘገበ መመሪያ» ለብቻው ካርድ ይገባዋል፤ በፈተና ታሪክ ውስጥ አንድ ሐረግ ብቻ ሆኖ ተደብቆ ይመጣልና። «በውስጥ መመሪያችን መሠረት» የሚል ቃል ባዩ ጊዜ እጅዎ ወደዚያ ካርድ ይሂድ።

ቀጥሎ ፍቅደ ሥልጣን ነው፤ ሕጉ ለባለሥልጣኑ «እንደ ሁኔታው አይቶ ይወስን» ብሎ የተወለት ቦታ። እዚህ የሚያስቸግረው ጥያቄ፣ ሕጉ ምርጫውን ለባለሥልጣኑ ከሰጠ ፍርድ ቤቱ ምን አግብቶት ይገባል የሚለው ነው። በየሕግ ትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው የእንግሊዙ የዌንስበሪ ጉዳይ መልስ ይሰጣል። የዌንስበሪ ከተማ አስተዳደር አንድ ሲኒማ ቤት እሑድ እንዲከፍት ሲፈቅድለት ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋርም ሆነው እንዳይገቡ የሚል ቅድመ ሁኔታ ጨመረበት። ባለ ሲኒማው ቅድመ ሁኔታው ከምክንያታዊነት የወጣ ነው ብሎ ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1947 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በሰጠው ፍርድ፣ ማንኛውም አስተዋይ የሆነ ባለሥልጣን ፈጽሞ ሊደርስበት የማይችለው ውሳኔ ካልሆነ በስተቀር ዳኛ ጣልቃ አይገባም አለ። ብዙ ካርዶች ይህን «ምክንያታዊ ያልሆነ ውሳኔ ይሻራል» ብለው ያሳጥሩታል። እንዲህ ያሳጠረ ተማሪ ሲኒማ ቤቱ ክሱን የተረታ መሆኑን ይረሳል። ዳኛው «እኔ ብሆን እንዲህ አልወስንም ነበር» ማለቱ አይበቃም፤ መስፈርቱ በጣም ከፍ ያለ ነው። የካርዱ መለያ መስመር ይህ ነው፣ እኔ ብጽፈው በቀይ እጽፈዋለሁ።

የመሰማት መብትም ታዋቂ ጉዳዩ እንግሊዛዊ ነው። የብራይተን ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሪጅ ከበታች መኮንኖቻቸው ጋር በወንጀል ተከሰው እርሳቸው ነጻ ወጡ። የከተማው ኮሚቴ ግን በ1958 ሳይጠራቸው፣ የቀረበባቸውን ነገር ሳይነግራቸው ከሥራ አባረራቸው። ጉዳዩ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ1963 ማባረሩ ዋጋ የለውም ተባለ። ኮሚቴው ማባረር አይችልም አልተባለም፤ ሰውየውን ሳይሰማ ማባረር አይችልም ነው የተባለው። የመሰማት መብት ካርድ ከጎኑ «አድልዎ አልባ ወሳኝ» ከሚለው ካርድ ጋር መጋጨት የለበትም። አንዱ «ተናገርክ ወይ?» ይላል፣ ሌላው «የሰማህ ማን ነው?» ይላል። ከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ባለጉዳዩ ቀኑን ሙሉ ቢናገርም ሁለተኛው ተጥሷል።

አሁን ሁሉም የሚሳሳትበት ካርድ ላይ ደረስን፦ ይግባኝና የፍርድ ቤት ክለሳ። በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱንም «ይግባኝ አልኩ» እንላለን፤ ፈተና ላይ ግን ይህ ልማድ ነጥብ ያስጥላል። ይግባኝ «ውሳኔው ልክ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የበላዩ አካል ፍሬ ነገሩን ዳግመኛ መዝኖ በራሱ ውሳኔ ሊተካው ይችላል፣ ነገር ግን ሕግ ካልፈቀደው ይግባኝ የለም። ክለሳ «ውሳኔው በሕግ መንገድ የተሰጠ ነው ወይ?» ይላል። ሥልጣን ነበረው? ሥርዓቱን ጠበቀ? ሰማ? ጉድለት ከተገኘ ውሳኔው ይሻራል፤ ጉዳዩ በአብዛኛው ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ በሕጉ መሠረት እንደገና ይታያል። በግብር ላይ የሚነሳ ክርክር በራሱ ሕግ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን ዘንድ ይቀርባል፤ ይህ የይግባኝ መንገድ ነው። በአዋጅ 1183 መሠረት የሚቀርበው አቤቱታ ግን ክለሳ ነው፣ የሚቀርበውም ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የቅሬታ መንገድ መጨረስ አለበት።

ካርዶቹን አንድ ታሪክ ላይ እናውጣቸው። ወይዘሮ አልማዝ እንበላት፤ መድኃኒት አስመጪ ናት። ፈቃዱን የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጋዘኗን ያያል፣ ጉድለት አለ ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ከሳምንት በኋላ ራሱ ተቆጣጣሪው የፈረመው ደብዳቤ ይደርሳታል፦ «በመሥሪያ ቤቱ የውስጥ መመሪያ መሠረት ፈቃድዎ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል»። አዋጁ ግን ለመሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሥልጣን ፈቃድ ማገድ ብቻ ነው እንበል።

ተማሪው መጀመሪያ የሚያነሳው ካርድ «መመሪያ ወይስ ውሳኔ» የሚለው ነው። ደብዳቤው ውሳኔ ነው፣ የቆመው ግን በመመሪያ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ይፈተሻሉ። መመሪያው መሰረዝን ከጨመረ አዋጁ ያልሰጠውን ሥልጣን ለራሱ ወስዷል፤ ይህ ከሥልጣን ውጭ መሆን ነው። «የውስጥ» የሚለው ቃል ደግሞ ያልተመዘገበ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ከዚያ ወደ ውሳኔው እንመጣለን፦ ወይዘሮ አልማዝ ጉድለት የተባለውን እንድታስረዳ አልተጠየቀችም፤ የመሰማት መብቷ ተጥሷል። ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ወሳኙም እርሱ ነው፤ አድልዎ አልባ ወሳኝ የለም። የዌንስበሪው ካርድ ግን ሳይነካ መቀመጥ አለበት። ውሳኔው ምክንያታዊ አይደለም ብሎ የሚከራከር ተማሪ ከሁሉ ደካማውን ምክንያት ይዞ ጠንካሮቹን ትቷል። መፍትሔውም እንዲሁ፦ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ክለሳ። «ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን ራሱ ይስጣት» የሚለው ምርጫ ፈታኙ ያስቀመጠው ወጥመድ ነው፤ ክለሳውን ይግባኝ አድርጎታል።

ስለ ካርዶቹ አጠቃቀም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጀርባውን ከመገልበጥ በፊት መልሱን ጮክ ብሎ መናገር ወይም መጻፍ ግድ ነው፤ እያዩ «አዎ አውቀዋለሁ» ማለት ማጥናት አይደለም። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ አሁንም ይሠራል፦ ያወቁትን ካርድ ወደሚቀጥለው ሣጥን ያሳልፉታል፣ ያ ሣጥን በየጥቂት ቀኑ ነው የሚታየው፤ የተሳሳቱት ካርድ ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል፣ ነገም ይታያል። በአስተዳደር ሕግ አንድ ነገር ልጨምር፦ ይግባኝና ክለሳን፣ መመሪያና ውሳኔን ለየብቻ አያጥኗቸው። ጥንድ ጥንድ አድርገው ደባልቀው ያውጧቸው፤ ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ቀላል ናቸው።

ካርዱ ያረጀ መሆኑም ይፈተሽ። ከታላላቅ ተማሪዎች የሚወረስ ካርድ ብዙ ነው፤ መመሪያ የሚመዘገበው በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው ይላል። አዋጁ ሲወጣ እውነት ነበር። በ2014 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1263 ግን ያ ተቋም ቀርቶ ሥራው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ምርጫው ላይ ሁለቱም ስሞች ቢቀርቡ የቆየውን ካርድ ያጠና ተማሪ የመጀመሪያውን ነው የሚያከብበው።