ፌሮ ሲሳብ የሚሠራው መስመር

ከግንባታ ቦታ ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ የመጣ ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ በማሽን ሁለት ጥርሶች መካከል ተነክሶ ቆሟል። የታችኛው ጥርስ አይነቃነቅም፤ የላይኛው ቀስ እያለ ይስባል። ከጎን ያለው ስክሪን ላይ አንድ መስመር ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይሳባል፣ በመጨረሻም ብረቱ በጩኸት ሲበጠስ ይቆማል። የሕንፃው ባለቤት እጅ የሚገባው ወረቀት ላይ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው ሁለት ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ከየት እንደተነሡ የማያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁን ቁጥር አይቶ ደስ ይለዋል። መስመሩን ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ብረቱ ከመሳቡ በፊት ይመዘናል። ፌሮ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ውፍረቱን በካሊፐር ለክቶ ስፋቱን ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ርዝመቱ ይለካል፣ ክብደቱ ይመዘናል፣ ከብረት ጥግግት (በኪዩቢክ ሜትር 7850 ኪሎግራም) ተነሥቶ የተቆረጠው ፊት ስፋት ይሰላል። የእኛ ናሙና 50 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው እንበል፤ ሚዛኑ 410 ግራም አሳየ። ሒሳቡ ሲሠራ ስፋቱ 104.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ትክክለኛ ባለ 12 ፌሮ 113.1 ካሬ ሚሊሜትር ሊኖረው፣ ግማሽ ሜትሩም 444 ግራም ሊመዝን ይገባ ነበር። ነገሩን ለጊዜው እናቆየው።

ማሽኑ የሚያውቀው ኃይልን ነው። መቶ ኪሎ ግድም የሚመዝን ዕቃ ወደ ታች የሚስብበት ኃይል አንድ ኪሎኒውተን ነው። ግን ወፍራም ፌሮ ከቀጭኑ ይልቅ ብዙ ኃይል መቻሉ ስለ ብረቱ ጥራት የሚነግረን የለም፤ ስለዚህ ኃይሉ ለስፋቱ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ስትረስ ይባላል፤ መለኪያው ሜጋፓስካል ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ስንት ኒውተን እንዳረፈ ይናገራል። በስክሪኑ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው ስትሬን ነው፤ ብረቱ ከመጀመሪያ ርዝመቱ በመቶ ስንት እንደረዘመ ያሳያል። 100 ሚሊሜትር የነበረው 101 ከሆነ ስትሬኑ 1 በመቶ ነው።

መስመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኃይሉ በእጥፍ ሲጨምር መርዘሙም በእጥፍ ይጨምራል፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ይህን ሕግ በ1678 አሳትሞታል። በዚህ ክፍል ውስጥ ማሽኑ ቢቆምና ብረቱ ቢለቀቅ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። በናሙናችን ኃይሉ 20.9 ኪሎኒውተን ሲደርስ ስትረሱ 200 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ 100 ሚሊሜትር የነበረው ርቀትም በአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ይረዝማል። 200ን ለ0.001 ስናካፍል 200,000 ሜጋፓስካል እናገኛለን። ይህ የመስመሩ ተዳፋት፣ ማለትም የብረቱ ግትርነት ነው። ርካሹም ውዱም፣ ደካማውም ጠንካራውም የግንባታ ብረት እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው። ከፍተኛ ደረጃ ያለው ፌሮ የገባበት ወለል በዚያ ምክንያት ብቻ መርገብገቡን አይተውም።

ግትርነቱ አስቀድሞ መታወቁ ጥሩ ወጥመድ ያዥ ነው። ከላቦራቶሪ የመጣው መስመር 200,000 ሳይሆን 20,000 ወይም 40,000 ካሳየ የተበላሸው ብረቱ አይደለም። ርዝመቱ የተለካው በብረቱ ላይ በሚቆነጠጠው ኤክስቴንሶሜትር ሳይሆን በማሽኑ ራስ እንቅስቃሴ ነው ማለት ነው። የማሽኑ ራስ ሲንቀሳቀስ ጥርሶቹ ብረቱን እየነከሱ ይንሸራተታሉ፣ ማሽኑ ራሱም ትንሽ ይለጠጣል፤ ሁሉም በብረቱ ስም ይጻፋል። መስመሩ ሲነሣ ቀጥ ከማለቱ በፊት እግሩ ጎበጥ ብሎ ከታየም ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የጥርስ መንሸራተት ነው። ልምድ ያለው ሰው ቀጥ ያለውን ክፍል ወደ ኋላ አስረዝሞ ዜሮውን ከዚያ ይቆጥራል።

የእኛ ፌሮ 53.2 ኪሎኒውተን ሲደርስ መስመሩ በድንገት ዝቅ ይላል። ከዚያ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ በአግድም ይሄዳል። ኃይሉ ሳይጨምር ብረቱ ይረዝማል። መሐንዲሶች ይልድ የሚሉት ይህን ነው። 53.2 ኪሎኒውተን ለ104.5 ሲካፈል 509 ሜጋፓስካል ይሆናል። እስከዚህ ድረስ 100 ሚሊሜትሩ የረዘመው ሩብ ሚሊሜትር ግድም ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታይ አይደለም። የሚታየው ሌላ ነው፤ ከብረቱ ገጽ ላይ የፋብሪካው ጥቁር ቅርፊት መላጥ ይጀምራል፤ መላጡም ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በፌሮው ርዝመት ይጓዛል።

ያ ድንገተኛ መውረድ የሚመጣው በብረቱ ውስጥ ካሉት የካርቦን አተሞች ነው። የብረት አተሞች ተደርድረው ቆመዋል፤ በድርድሩ ውስጥ ግን ስሕተት ያለባቸው መስመሮች አሉ፤ ብረት ቅርጹን የሚቀይረው እነዚህ መስመሮች ሲንሸራተቱ ነው። ካርቦን እዚያ ተሰብስቦ አስሮ ይይዛቸዋል። ኃይሉ ከማሰሪያው እስኪያመልጡ ድረስ ይጨምራል፤ ካመለጡ በኋላ ግን ለመንሸራተት የሚፈልጉት ያነሰ ነው። ማሽኑ በፍጥነት ከሳበ ይህ ጫፍ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የመሳቢያው ፍጥነት በስታንዳርድ የተወሰነው ለዚህም ጭምር ነው።

ሁሉም ፌሮ እንዲህ ግልጽ ምልክት አይሰጥም። በቀዝቃዛው የተሳበ ወይም ከጥቅል ተፈትቶ የተቃና ብረት መስመሩ ሳይወርድ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፤ ይልዱ የት እንደሆነ በዓይን መናገር አይቻልም። ያኔ በስምምነት የተያዘ ዘዴ አለ። ከታች በስትሬኑ መስመር ላይ 0.2 በመቶ ላይ ነጥብ ይደረግና ቀጥ ካለው ክፍል ጋር ትይዩ መስመር ይሠመራል፤ ኩርባውን የሚቆርጥበት ከፍታ እንደ ይልድ ይወሰዳል። ኃይሉ ቢለቀቅ ብረቱ 0.2 በመቶ ረዝሞ ይቀራል ማለት ነው።

የሕንፃ ስሌት የቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። በአውሮፓው ኮድ፣ እሱንም ተከትሎ በወጣው የኢትዮጵያ ኮድ፣ 500 የተባለ ፌሮ 500 ተብሎ አይሰላም፤ ለ1.15 ተካፍሎ 435 ሜጋፓስካል ይያዛል። ከይልድ በላይ ያለው ጥንካሬ ለዕለት ተዕለት ጭነት አይቆጠርም፤ ይልድ ያለፈ ፌሮ አይመለስም፣ በዙሪያው ያለው ኮንክሪትም ሰፊ ስንጥቅ ያወጣል።

ናሙናችን 1.5 በመቶ ከረዘመ በኋላ መስመሩ እንደገና መውጣት ይጀምራል። የተንሸራተቱት መስመሮች እርስ በርስ እየተጠላለፉ ብረቱን ያጠነክሩታል። 62.1 ኪሎኒውተን ላይ፣ ስትሬኑ 9 በመቶ ሲሆን፣ ጫፍ ይደርሳል። ይህ 594 ሜጋፓስካል ነው፤ ከፍተኛው ጥንካሬ፣ ወይም በመሐንዲሶች አፍ አልቲሜት። እስከዚያ ድረስ ፌሮው በሙሉ ርዝመቱ እኩል ሲቀጥን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ ቦታ አንገት ያወጣል፣ መርዘሙ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፣ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ብረቱ የደከመ ይመስለዋል። መስመሩ የሚወርደው ኃይሉን አሁንም በመጀመሪያው ስፋት ስለምናካፍል ነው። ፌሮው በ48 ኪሎኒውተን ቢበጠስ ስክሪኑ 459 ሜጋፓስካል ያሳያል። ግን አንገቱ እስከ 8 ሚሊሜትር ድረስ ቀጥኗል፤ ስፋቱ 50 ካሬ ሚሊሜትር ግድም ብቻ ነው። በዚያ ሲካፈል 955 ሜጋፓስካል ይወጣል። አንገቱ ላይ ያለው ብረት እስከ መጨረሻው ሲጠነክር ነበር። ስብራቱ በማሽኑ ጥርስ ውስጥ ከሆነና ውጤቱም ከሚጠበቀው በታች ከወጣ ግን ጥርሱ ብረቱን ቆርጦት ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩ ላይ አይፈረድም፤ ሌላ ናሙና ይሳባል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። አልቲሜትን ለይልድ ስናካፍል 62.1 ለ53.2፣ ማለትም 1.17 እናገኛለን። የአውሮፓው ኮድ መካከለኛ የሚለው ክፍል ቢያንስ 1.08 እና በጫፉ ላይ 5 በመቶ ስትሬን ይጠይቃል፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተሻለው ክፍል ከ1.15 እስከ 1.35 እና 7.5 በመቶ። ሌላ ነጋዴ ይልዱ 626፣ አልቲሜቱ 640 የሆነ፣ ስትሬኑ ግን 2 በመቶ ብቻ የደረሰ ፌሮ ቢያመጣ፣ በጥንካሬ ቁጥር ያሸንፋል። እኔ ግን ለቤቴ ዓምድ አልፈልገውም። ይልዱን ካለፈ ብዙም ሳይጠነክር፣ ብዙም ሳይረዝም ይበጠሳል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌና አዋሽ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው ከፎቅ ወርዶ ነበር። እንዲህ ያለው ንቅናቄ ሲበረታ ዓምድን የሚያቆየው በይልድና በስብራት መካከል ያለው ረጅም መንገድ ነው፤ ፌሮው እየተለጠጠ ጉልበቱን ይበላል፣ የተሳበው ክፍል ስለሚጠነክርም መለጠጡ በአንድ ስንጥቅ ላይ አይከማችም።

የእኛ ናሙና እንግዲህ ይልዱ 509፣ ውድሩ 1.17፣ ስትሬኑ 9 በመቶ ነው። ብረቱ ጥሩ ነው። ፌሮው ግን ይወድቃል። የፌሮ ስታንዳርድ ኃይሉ በስሙ ስፋት፣ ማለትም በ113.1 እንዲካፈል ያዛል፤ ያኔ 53.2 ኪሎኒውተን 470 ሜጋፓስካል ብቻ ይሆናል። መሐንዲሱ ሥዕሉ ላይ ባለ 12 ብሎ ሲጽፍ ከእያንዳንዱ ፌሮ 56.5 ኪሎኒውተን ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ከዚያ ያነሰ ነው። ላቦራቶሪው በ104.5 አካፍሎ 509 ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ ወረቀቱን ያነበበው ግን ይታለላል።

ስለዚህ የፈተና ወረቀት ሲደርስዎ የተካፈለው በየትኛው ስፋት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ከይልዱ ጎንም አልቲሜቱንና በጫፉ ላይ ያለውን ስትሬን ይፈልጉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሚዛን ይበቃል፤ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ፌሮ 10.66 ኪሎ መምዘን አለበት። የአውሮፓው ስታንዳርድ የሚፈቅደው ጉድለት 4.5 በመቶ ስለሆነ ከ10.18 ኪሎ በታች ከመዘነ አይረከቡት።