ፋርሶች ዘመን የሚለውጡባት ቅጽበት

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። ቴህራን ውስጥ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ላይ የኢራን ቤተሰቦች ከማዕዱ ዙሪያ ተሰብስበው አዲሱን ዓመት 1404ን ተቀበሉ። በማዕዱ ላይ የበቀለ ስንዴ፣ ፖም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤን የመሳሰሉ ሰባት ነገሮች ተደርድረዋል፤ የሁሉም ስም በፋርስኛ በአንድ ፊደል፣ በ«ሲን» ይጀምራል። ቴሌቪዥኑ ሰከንዶቹን ወደ ኋላ ቆጥሮ ሲጨርስ ሰው ሁሉ ተሳሳመ፣ ልጆችም ከታላላቆቻቸው እጅ አዲስ ብር ተቀበሉ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ግን በዚያች ሰዓት ገና አሮጌውን ዓመት ነበር የሚያሳየው። ቀኑ ኤስፋንድ 30 ቀን 1403 ነው። የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ ፋርቫርዲን 1፣ በማግስቱ ዓርብ ሆነ። ዓመቱ ሐሙስ ቀትር ላይ ተለውጦ ቀኑ ዓርብ የተለወጠው ለምንድን ነው? የዚህን መልስ ያወቀ ሰው የፋርስን የፀሐይ አቆጣጠር አሠራር በሙሉ ያውቀዋል።

ኢራናውያን «ተህቪለ ሳል» የሚሏት የዓመቱ መለወጫ ቅጽበት በሰማይ ላይ የምትፈጸም ናት። ክረምታቸው ሳለ ፀሐይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ትውላለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን እየመጣች በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ በምድር ወገብ አናት ላይ ታልፋለች። በዚያ ሰሞን ቀንና ሌሊት እኩል ይሆናሉ፤ የሰሜኑ ክፍለ ዓለምም ፀደይ ይገባለታል። የፀሐይ እምብርት መስመሩን የምትረግጥበት ቅጽበት ለዓለም ሁሉ አንድ ነው። ባለፈው ምሳሌያችን ቴህራን 6 ሰዓት ከ31 ሲል አዲስ አበባ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ነበር፤ ሎስ አንጀለስ ያሉ ኢራናውያን ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ነው ያከበሩት።

የቀን መቁጠሪያ ግን በቅጽበት ሊጀምር አይችልም። ፋርቫርዲን 1 እንደማንኛውም ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ሙሉ ቀን መሆን አለበት። ስለዚህ ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ፀሐይ መስመሩን የተሻገረችው ከእኩለ ቀን በፊት ከሆነ ያው ዕለት ፋርቫርዲን 1 ይሆናል፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ከሆነ ግን ማግስቱ ነው። ሐሙስ የተሻገረችው ከቀትር 31 ደቂቃ አሳልፋ ስለሆነ ሐሙስ ለአሮጌው ዓመት ተተወ። በዚሁ ምክንያት 1403 አንድ ቀን ተጨምሮለት 366 ቀን ሆነ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ መጋቢት 11 ቀን 2016፣ ፀሐይ በቴህራን ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ36 ላይ ስለተሻገረች ያው ዕለት አዲስ ዓመት ሆኖ ነበር።

የደንቡ ውጤት ሲታይ ዓመቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ለመሻገሪያዋ ቅጽበት እጅግ ቅርብ በሆነው እኩለ ሌሊት ነው። ቅጽበቷ ጠዋት ከሆነች ያለፈው እኩለ ሌሊት ይቀርባታል፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነች የሚመጣው። በሰማዩና በወረቀቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ማለት ነው፤ ዘንድሮም፣ ከሺህ ዓመት በኋላም።

እኩለ ቀን ለምን ተመረጠ ለሚል ግን ሌላም መልስ አለ፤ ለእኔ የሚጥመኝም እሱ ነው። ጥንት የነበረ የሰማይ ተመልካች የፀሐይን ከፍታ አስተካክሎ የሚለካው ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ስትደርስ ነው። ኢስፋሃን ላይ መሣሪያውን የተከለ ሰው፣ ፀሐይ መስመሩ ላይ በምትሆንበት ቀን የቀትር ከፍታዋ 57 ዲግሪ ከሲሶ ገደማ እንደሚሆን ያውቃል፤ ከ90 ላይ የከተማይቱን የሰሜን ኬክሮስ ቀንሶ ያገኘዋል። ዛሬ ቀትር ላይ ሲለካ ፀሐይ ከዚያ ልክ ካነሰች ገና አልተሻገረችም፤ ካለፈች ተሻግራለች። ስለዚህ ቀትር ላይ «አልፋለች» ብሎ መመስከር የቻለበት የመጀመሪያው ዕለት አዲስ ዓመት ይሆናል። ደንቡ ከተመልካቹ ሥራ ጋር እንዲህ ተጣጥሞ ይሄዳል።

ፀደይን ራሱን ለመምረጥም ልኬቱ ያግዛል። በዚያ ሰሞን የፀሐይ የቀትር ከፍታ በየቀኑ 0.4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ይህም ከራሷ ከፀሐይ ስፋት ጥቂት ያነሰ ስለሆነ ጥሩ መሣሪያ የያዘ ሰው የትናንቱን ከዛሬው ለመለየት አይቸገርም። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ወይም በሚያጥርበት ወቅት ግን ፀሐይ ለቀናት ባለችበት የቆመች ትመስላለች፤ መዞሪያዋን ዕለት ለይቶ መያዝ አስቸጋሪ ነው።

ከልኬቱ በስተጀርባ የገበሬው ነገር አለ። ከእስልምና በፊት የነበረው የፋርስ ዓመት 365 ቀን ብቻ ነበረ፤ እኛ በጳጉሜን 6 የምናካክሳት ሩብ ቀን ትቀር ነበር። በዚህ የተነሣ አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይንሸራተታል። የመሬት ግብር የሚከፈተው በኖውሩዝ ነበርና ቀኑ ሲንሸራተት ሰብሉ ገና ሳይደርስ ግብር ሰብሳቢው ደጃፍ ይቆማል። ገበሬው ገና ያላጨደውን እህል ዋጋ ተበድሮ መክፈል ነበረበት። የባግዳዱ ኸሊፋ አል ሙዕተዲድ እ.ኤ.አ. በ895 የግብር መክፈቻውን ወደ ሰኔ የገፋው ይህን ለማቃለል ነው።

መፍትሔውን ከሰማይ ጋር ያሰረው የሴልጁኩ ሱልጣን ማሊክ ሻህ ነው። ኢስፋሃን ላይ የሰበሰባቸው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፣ ኦማር ኸያም ከመካከላቸው ነበረ፣ ኖውሩዝ ከፀደይ መግቢያ 18 ቀን ቀድሞ እንደሚውል አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1079 እነዚያን 18 ቀናት አልፈው አሮጌው አቆጣጠር ፋርቫርዲን 19 የሚለውን ዕለት፣ በጁልየስ አቆጣጠር ማርች 15ን፣ ፋርቫርዲን 1 አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ኖውሩዝ ፀሐይን እንዲከተል ተወሰነ። ዛሬ ኢራን የምትገለገልበትን መልክ ያጸደቀው ግን የ1925 የፓርላማ ሕግ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት 31 ቀን፣ ቀጣዮቹን አምስት 30 ቀን፣ የመጨረሻውን ኤስፋንድን 29 ወይም 30 ቀን አድርጎ ደነገገ። ረጃጅሞቹ ወራት መጀመሪያ ላይ የመጡት በከንቱ አይደለም። ምድር በሰሜኑ ፀደይና በጋ ወቅት ከፀሐይ ራቅ ስለምትል ዝግ ብላ ትጓዛለች፤ ሁለቱ ወቅቶች አንድ ላይ 186 ቀን ከጥቂት ሰዓት ይፈጃሉ። ስድስት ጊዜ 31 ደግሞ 186 ነው።

በዚህ አሠራር ትርፍ ቀን የሚገባበትን ዓመት የሚወስነው ሰማዩ ነው። ከአንድ መሻገሪያ እስከ ቀጣዩ በአማካይ 365 ቀን ከ5 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው፤ ጨረቃና ሌሎቹ ፈለኮች ምድርን ስለሚስቧት ግን አንዱ ዓመት ከሌላው በደቂቃዎች ይለያል። ቅጽበቷ በየዓመቱ 6 ሰዓት ገደማ እየዘገየች ሄዳ ቀትርን ስታልፍ ትርፍ ቀን ይጨመራል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በአራት ዓመት ይደርሳል፤ አንዳንዴ ግን አምስት ይፈጃል። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ነው። ከ1403 ቀጥሎ ትርፍ ቀን ያለው ዓመት 1407 ይመስላል፣ አራት ተቆጥሯልና። ነገር ግን መጋቢት 11 ቀን 2021 ዓ.ም. ፀሐይ በቴህራን ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ32 ላይ ትሻገራለች፤ ለቀትር 28 ደቂቃ ስለሚቀራት ያው ዕለት ፋርቫርዲን 1 ቀን 1408 ይሆናል። 1407 በ365 ቀን ያልቃል፣ ትርፉም ቀን ወደ 1408 ይተላለፋል። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት የፈጀው ከ1370 እስከ 1375 የነበረው ነው፤ ከ1375 እስከ 1408 ባሉት 33 ዓመታት ስምንት ትርፍ ቀናት ይገባሉ።

የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ሳያዛንፍ አንድ ቀን ይጨምራል፤ ይህ ግን በዓመት 11 ደቂቃ ገደማ ትርፍ አለው። አባቶች ፀደይ መጋቢት 26 ይገባል ሲሉ በዋዜማው፣ መጋቢት 25፣ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ድንበር ማመልከታቸው ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን ፀሐይ መስመሩን የምትሻገረው በዚያው ሰሞን ነበር። ደቂቃዎቹ ተጠራቅመው ዛሬ መሻገሪያው መጋቢት 11 ላይ ውሏል፤ ሁለት ሳምንት ቀድሟል። በፋርሶች ዘንድ ይህ አይደርስም፤ ዋጋው ግን ቀላል ቁጥር ቆጥሮ ትርፉን ዓመት ማወቅ አለመቻል ነው።

ሌላው ዋጋ ቀትሩ የማን ነው የሚለው ነው። በ2017 መጋቢት 11 ካይሮ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ ገና 5 ከ1 ስለነበር ደንቡ ያንኑ ሐሙስ አዲስ ዓመት ያደርገው ነበር። ኢራን የምትከተለው የሀገሪቱን መደበኛ ሰዓት ነው፤ እሱም የተመሠረተው በ52.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ እውነተኛው ቀትር፣ ፀሐይ በትክክል አናት የምትደርስበት፣ ከሰዓቱ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይዘገያል፤ ቴህራን ከተማ ላይ 12 ደቂቃ ያህል። የ31 ደቂቃ ልዩነት ሲኖር በየትኛውም ቢለካ መልሱ ያው ነው። የጥንቱ ተመልካች ግን ያንንም አይለይም ነበር፤ ፀሐይ በግማሽ ሰዓት ከፍ የምትለው የአንድ ዲግሪ 120ኛ ያህል ብቻ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ቅጽበቷ የምትገኘው በስሌት ነው፤ ለመጪዎቹ አሥርት ዓመታትም በደቂቃ ልክ ትታወቃለች።

በጣም ሩቅ ለሆኑ ዘመናት ግን ስሌቱም ይይዘዋል። ፀሐይ መስመሩን የምትሻገርበትን ቅጽበት አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ በዚያች ቅጽበት ቴህራን ስንት ሰዓት እንደሚል የሚወሰነው ግን ምድር በራሷ ዛቢያ በምትዞርበት ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱም አንዴ እየቀነሰ አንዴ እየጨመረ ይለዋወጣል። ቅጽበቷ ቀትር ላይ ጥግ ብላ የምትወድቅበት ሩቅ ዓመት ካለ፣ ፋርቫርዲን 1 ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ዛሬ ላይ ሆኖ በእርግጠኝነት የሚናገር ሊቅ የለም።