በፕሮግራሚንግ ትምህርት ቪዲዮ ሥር ግልጽ ጥያቄ ስለማቅረብ

የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግን በዩቲዩብ ቪዲዮዎች የሚማሩ ዜጎች የስህተት መልእክት ሲገጥማቸው ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ሥር በሚገኘው የአስተያየት መስጫ ነው። ሆኖም «አልሠራልኝም፣ እባክዎ ይርዱኝ» የሚሉ ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ያለ ምላሽ ይቀራሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት መልስ ለመስጠት የሚያስፈልገው መረጃ በጥያቄው ውስጥ አለመኖሩ ነው። ይህ ጽሑፍ አንድን የተለመደ ችግር በምሳሌነት በመውሰድ፣ አዘጋጁ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ ያብራራል።

አዘጋጁ የሚያየውና የማያየው

የቪዲዮ አዘጋጆች በሁሉም ቪዲዮዎቻቸው ሥር የተጻፉ አስተያየቶችን በአንድ ዝርዝር ተሰብስበው ያገኟቸዋል። ጥያቄ የያዙትን ወይም እስካሁን ያልተመለሰላቸውን ለይተው ማውጣትም ይችላሉ። በመሆኑም አንድ አዘጋጅ ጥያቄውን ሲያነብ ቪዲዮው ከፊቱ ተከፍቶ ላይገኝ ይችላል፤ ቪዲዮው የቆየ ከሆነም በየትኛው ደቂቃ ምን እንዳስተማረ ላያስታውስ ይችላል። የጠያቂውን ኮምፒውተር ፈጽሞ አያይም። በአስተያየት መስጫው የስክሪን ፎቶ ማያያዝ ስለማይቻል፣ ችግሩን የሚያሳየው በጽሑፍ የቀረበው ቃል ብቻ ነው።

ምሳሌ፦ የተጫነ ጥቅል «የለም» ሲባል

ኮምፒውተር የምታገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሆነችን አንዲት የፓይተን ተማሪ እንውሰድ። ጥያቄዋ ያልተሟላ ከሆነ አዘጋጁ «የትኛውን ስሪት ነው የምትጠቀሚው?» ብሎ ሊጠይቃት ይችላል። እርሷም ይህንን አጣርታ የምትመልሰው በሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል። ስለዚህ የጎደለ አንድ መረጃ የሰባት ቀን መዘግየት ያስከትልባታል።

ተማሪዋ ቪዲዮውን ተከትላ `requests` የተባለውን ጥቅል `pip install requests` በሚለው ትዕዛዝ ጫነች። መጫኑም ያለ ችግር መጠናቀቁ ተገለጸላት። ፕሮግራሙን ስታስጀምር ግን የሚከተለው መልእክት ታየ፦

```
ModuleNotFoundError: No module named 'requests'
```

ይህ መልእክት በቪዲዮው ላይ አልታየም። አንድ ትዕዛዝ በአስተማሪው ኮምፒውተር ሠርቶ በተማሪው ላይ ሳይሠራ ሲቀር፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ በተጫኑት ነገሮች ነው። ስለሆነም ጥያቄውን ከመጻፍ በፊት ሁለት አጫጭር ትዕዛዞችን መሞከር ተገቢ ነው፦

```
python --version
pip --version
```

የመጀመሪያው ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን ፓይተን ስሪት ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ `pip` ጥቅሎችን የሚጭነው ለየትኛው ፓይተን እንደሆነ በመስመሩ መጨረሻ በቅንፍ ያሳያል። በተማሪዋ ኮምፒውተር የመጀመሪያው `Python 3.12.4` የሚል ሲሆን፣ የሁለተኛው መጨረሻ `(python 3.9)` ይላል። ተማሪዋ የልዩነቱን ትርጉም ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ያየችውን ሳትለውጥ መጻፏ ለአዘጋጁ በቂ ነው።

ጥያቄው የሚይዛቸው ነጥቦች

1. ችግሩ የተከሰተበት ደቂቃ። ሰዓቱ `14:32` በሚል መልክ ሲጻፍ ዩቲዩብ ወደ ማገናኛነት ይለውጠዋል። አዘጋጁ ሲነካው ቪዲዮው በቀጥታ በዚያ ቦታ ላይ ይጀምራል።

2. የተሠራውና የታየው። የስህተት መልእክቱ ቃል በቃል ይቀዳል፤ ወደ አማርኛ አይተረጎምም። በፓይተን መልእክቱ ረዥም ቢሆንም የስህተቱን ዓይነት የሚናገረው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው መስመር በመሆኑ እርሱን ማቅረብ ይበቃል።

3. የስርዓቱና የስሪቱ መግለጫ። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ወይም ማክ መሆኑ፣ እንዲሁም የፓይተን ስሪት ይገለጻል።

4. አንድ ጥያቄ። በጥያቄ ምልክት የሚያበቃና በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊመለስ የሚችል ይሁን። ሦስት ጥያቄ በአንድ ላይ ሲቀርብ አዘጋጁ ቀላሉን ብቻ መልሶ ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ መሠረት የተማሪዋ ጥያቄ የሚከተለውን መልክ ይይዛል፦

«ሰላም መምህር። 14:32 ላይ እንዳሳዩት `pip install requests` ብዬ ያለ ችግር ተጭኗል። 15:10 ላይ ፕሮግራሙን ሳስጀምር ግን `ModuleNotFoundError: No module named 'requests'` ይላል። የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው። `python --version` 3.12.4 ሲያሳይ፣ `pip --version` ደግሞ (python 3.9) ያሳያል። ጥቅሉ ለ3.12 እንዲጫን የትኛውን ትዕዛዝ ልጠቀም?»

ቪዲዮው በእንግሊዝኛ የቀረበ ከሆነ ይኸው ጥያቄ በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ቢጻፍ ይመረጣል።

ጥያቄው ከተለጠፈ በኋላ መልሶ ማንበብ ያስፈልጋል። በዩቲዩብ አስተያየት ውስጥ በሁለት `*` ምልክቶች መካከል የተጻፈ ቃል ደምቆ፣ በሁለት `_` ምልክቶች መካከል የተጻፈው ደግሞ ዘንበል ብሎ ሊታይ ይችላል፤ በዚህን ጊዜ ምልክቶቹ ከኮዱ ውስጥ ይጠፋሉ። ይህ ከሆነ አስተያየቱን አርሞ በቃላት መግለጽ ይቻላል። በተጨማሪም አንዳንድ አዘጋጆች ማገናኛ ያለበት አስተያየት ሳይታይ እንዲቆይ ስለሚያደርጉ፣ ጥያቄው ያለ ማገናኛ የተሟላ ቢሆን ይመረጣል።

ምላሽ ከተገኘ በኋላ

ከላይ ለቀረበው ጥያቄ የሚሰጠው ምላሽ አጭር ነው፦

```
python -m pip install requests
```

ይህ ትዕዛዝ `pip`ን የሚያስጀምረው በራሱ በፓይተን አማካይነት በመሆኑ፣ ጥቅሉ ፕሮግራሙን ለሚያስኬደው ለ3.12 ይጫናል። ተማሪዋ ትዕዛዙን ከሞከረች በኋላ ውጤቱን በዚያው ምላሽ ሥር መጻፍ ይገባታል። ተሳክቶ ከሆነ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ቀጣይ ተማሪ መፍትሔውን በዚያው ያገኛል። ካልተሳካም አዲሱን የስህተት መልእክት እዚያው ማስፈር ያስፈልጋል፤ ጥያቄው እንደ አዲስ በሌላ ቦታ ከተጻፈ አዘጋጁ ቀደም ሲል የተባለውን ላያገናኘው ይችላል።

ጥያቄ ከማቅረብ በፊት አስተያየቶቹን በአዲስነት ቅደም ተከተል አድርጎ መመልከት ይጠቅማል። አዘጋጁ በቅርብ ጊዜ ለማንም ያልመለሰ ከሆነ፣ ጥያቄው ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን ምላሽ የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። በዚህ ጊዜ ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጥና ለተመልካቾቹ የሚመልስ ሌላ አዘጋጅ መፈለግ ይሻላል።

ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

አስተያየት ለሁሉም የሚታይ በመሆኑ የይለፍ ቃል፣ የአገልግሎት ቁልፍ፣ የስልክ ቁጥር ወይም የመታወቂያ ቁጥር በኮዱ ውስጥ እንዳለ መለጠፍ አይገባም። `C:\Users` በሚል የሚጀምር የፋይል አድራሻም የተጠቃሚውን ስም ሊይዝ ስለሚችል ከመለጠፉ በፊት ስሙ ሊወጣ ይገባል።

በአዘጋጁ ስምና ፎቶ ተመስለው «በቴሌግራም አነጋግረኝ» የሚሉ ምላሾችም ያጋጥማሉ። የእውነተኛው አዘጋጅ ምላሽ የቻናሉ ስም ከሌሎች ተለይቶ ደምቆ ይታያል። ይህ ምልክት ለሌለው ምላሽ ገንዘብም ሆነ የግል መረጃ መስጠት አይገባም።