ጡረታና ፕሮቪደንት ፈንድ፦ የረጅም ዕድሜ ስጋት በማን ትከሻ ላይ ነው?

ዘንድሮ የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ለምትቀበሉ ተማሪዎቼ ልዩነቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልግለጸው፦ በጡረታ ዐቅድ አስቀድሞ የሚታወቀው የምትቀበሉት አበል ነው፤ በፕሮቪደንት ፈንድ የሚታወቀው የምታስገቡት መዋጮ ብቻ ነው።

በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ስሌት ላሳያችሁ። 30 ዓመት አገልግሎ በ60 ዓመቱ ጡረታ ለወጣ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ በድምሩ 55 በመቶ ይታሰብለት ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 20,000 ብር ቢሆን፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ 11,000 ብር ያገኛል።

ባልደረባው ደግሞ በፕሮቪደንት ፈንድ ያጠራቀመውን 1,320,000 ብር በአንድ ጊዜ ተቀበለ እንበል። በየወሩ 11,000 ብር ቢያወጣ፣ ወለዱን ወደ ጎን ብንተወው፣ ገንዘቡ በ10 ዓመት ያልቃል። በ65 ዓመቱ ቢሞት ቀሪው ለወራሾቹ ይተርፋል፤ 80 ዓመት ቢኖር ግን የመጨረሻዎቹን 10 ዓመታት ያለ ገቢ ያሳልፋል።

የረጅም ዕድሜን ስጋት በመጀመሪያው ፈንዱ፣ በሁለተኛው ሠራተኛው ራሱ ይሸከማል። የዋጋ ንረት ግን ሁለቱንም ያገኛቸዋል፤ አበሉ በየጊዜው ካልተስተካከለ 11,000 ብር ቁጥሩ ይቆያል እንጂ የመግዛት አቅሙ አይቆይም። ስለዚህ ውል ስትፈርሙ «ስንት ይቀነስብኛል?» ከማለታችሁ በፊት «ቃል የተገባልኝ አበሉ ነው ወይስ መዋጮው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እመክራለሁ።